«ለምን?» ለሚል ጥያቄ ምክንያቱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ሲቀመጥ

አንብቦ በመረዳት ፈተና ላይ ተማሪን ነጥብ የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ ምንባቡ ስላልገባው አይደለም። ገብቶታል። አንድ ትክክለኛ ምክንያት አግኝቷል፤ እሱን ጽፎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፏል። ጥያቄው ግን ሁለት ቦታ ተከፍሎ የተቀመጠ ምክንያት የሚፈልግ ነበር። ወረቀቱ ሲመለስለት ከሁለት ነጥብ አንድ አግኝቶ ያያል፤ የጻፈው ስሕተት ስላልሆነም ምን እንደጎደለው ሊገባው አይችልም። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ነው፤ ማታ አጠገቡ ተቀምጦ ለሚያስጠናው ወላጅ ወይም ታላቅ እኅትም ይሆናል።

ነገሩን በወሬ ከማስረዳት አንድ ምንባብ ይዘን እየሠራን ብንሄድ ይሻላል። የሚከተለውን አንብቡት። አንቀጾቹን በቁጥር የለየኋቸው በኋላ እያመለከትን እንድንነጋገር ነው።

(1) ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ተራራ ወርደው ፍልውሃ አካባቢ ከሰፈሩ በኋላ አዲስ አበባ በፍጥነት ሰው በዛባት። ቤቱ የሚሠራው በእንጨት፣ ወጡና እንጀራው የሚበስለው በማገዶ ነበር። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ተመነጠረ። ስለዚህ ማገዶ ለቃሚዎች ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ሲመሽ መመለስ ጀመሩ።

(2) በዚያ ዘመን የአንድ ሰፈር እንጨት ሲያልቅ መናገሻን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር እንግዳ ነገር አልነበረም። ምኒልክም በ1890ዎቹ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም በተባለ ስፍራ፣ ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ።

(3) አዲስ አበባ ላይ ግን ብዙ ነገር ተሠርቶ ነበር። መኳንንቱ ቤት ሠርተዋል፤ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ቦታ ተሰጥቷቸው መኖሪያና ጽሕፈት ቤት አቁመዋል፤ ነጋዴውም በገበያው ዙሪያ ሱቁን ከፍቷል።

(4) ቀደም ብሎ፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ግድም፣ ከአውስትራሊያ የመጣ የዛፍ ዘር ከተማዋ ውስጥ ተሞክሮ ነበር። መጤው ተክል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገርና ለምሰሶ የሚበቃ ቁመት አወጣ። ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ አቈጠቈጠ። ቅጠሉን ከብት አልበላውም።

(5) ውሎ አድሮ የከተማዋ ነዋሪ በየጓሮው ባሕር ዛፍ ተከለ። አዲስ ዓለም መናገሻ ሳትሆን ቀረች፤ እዚያ የተጀመረው ሕንፃም ለቤተ ክርስቲያን ዋለ። ዛሬ ዛፉ የአፈሩን ውሃ አብዝቶ ይጠጣል እየተባለ ይተቻል።

ከዚህ ምንባብ ሁለት ጥያቄ ቀርቧል እንበል፤ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ይይዛል።

ሀ. የአዲስ አበባ ነዋሪ በየጓሮው ባሕር ዛፍ የተከለው ለምንድን ነው?

ለ. አዲስ ዓለም መናገሻ ሳትሆን የቀረችው ለምንድን ነው?

መጀመሪያ ውጤቱን ያዙ

«ለምን» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ የሆነ ነገር ይነግራችኋል፤ የሚጠይቃችሁ ያንን ነገር ያመጣውን ነው። ስለዚህ ምክንያት ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት የሆነውን ነገር ከጥያቄው ለይታችሁ አውጡ። ቀላሉ መንገድ ጥያቄውን ባዶ ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር አድርጎ መጻፍ ነው። ጥያቄ ሀ እንዲህ ይሆናል፦ «የአዲስ አበባ ነዋሪ ______ ስለነበረና ______ ስለሆነ ባሕር ዛፍ ተከለ።»

ባዶ ቦታውን ሁለት ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ከተዋችሁ መጀመሪያ ያገኛችሁት ምክንያት ይሞላውና እጃችሁ ይቆማል። ሁለተኛው ባዶ ሆኖ ሲታያችሁ ግን ወደ ምንባቡ መመለስ ግድ ይላችኋል። ምንባቡ ሁለተኛ ምክንያት ከሌለው ባዶ ቦታውን መሰረዝ ይቻላል።

እዚሁ ላይ ማንና ምን የሚሉትንም አስተውሉ። የተጠየቀው ስለ ነዋሪው ነው፤ ስለ ንጉሡ አይደለም። የተጠየቀው ስለ መትከሉ ነው፤ ዘሩ ከውጭ ስለመምጣቱ አይደለም። ይህን ያልለየ ተማሪ «ምኒልክ ቤተ መንግሥት ማሠራት ስለጀመሩ» ብሎ ይጽፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ከምንባቡ የተወሰደ ነው፣ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነገር ነው።

ውጤቱ በምንባቡ ውስጥ የት እንደተጻፈ ፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ውጡ

የሆነው ነገር የተጻፈው አንቀጽ 5 ላይ ነው፦ «የከተማዋ ነዋሪ በየጓሮው ባሕር ዛፍ ተከለ።» እርሳሳችሁን እዚያ አሳርፉ። አሁን ያለው ፈተና ከዚያ ወዴት እንደምትሄዱ ነው።

በአማርኛ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውጤቱ ይቀድማል። «ስለ»፣ «በመሆኑ»፣ «ከ…የተነሳ»፣ «በ…ምክንያት» ሁሉም ምክንያቱን ከፊት አስቀምጠው ዋናውን ግሥ ወደ መጨረሻ ይገፋሉ። «ስለዚህ»፣ «በዚህም የተነሳ»፣ «ለዚህም ነው» የሚሉትም ቢሆኑ ምክንያቱ ከእነርሱ በፊት እንደተነገረ ይጠቁማሉ። ወደ ታች የሚመራችሁ በዋናነት «ምክንያቱም» ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ላይ አንብቡ፤ ወደ ታች የምትወርዱት ላይኛው ካለቀባችሁ ወይም «ምክንያቱም» ካያችሁ ብቻ ይሁን።

ከአንቀጽ 5 ወደ ላይ ስንወጣ ቀድሞ የሚያጋጥመን አንቀጽ 4 ነው። ተክሉ ፈጥኖ ያድጋል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቈጠቍጣል፣ ከብት አይበላውም። አንድም የምክንያት ቃል የለበትም፤ ምክንያት መሆኑ ግን ግልጽ ነው። ይህን ልብ በሉ፦ አራተኛ ክፍል ሳላችሁ «ስለ» ያለበትን ፈልጉ ተብላችሁ ይሆናል፤ ከፍ ባለ ክፍል የሚሰጥ ምንባብ ግን ምክንያቱን ያለ ምንም ምልክት እንደ ተራ መግለጫ ማስቀመጥ ይወዳል። የምክንያት ቃል ብቻ እያደነ የሚያነብ ሰው ይህን ምንባብ ቢያገላብጠው የሚያገኘው አንድ «ስለዚህ» ነው፤ እሱም ስለ ማገዶ ለቃሚዎች እንጂ ስለ ባሕር ዛፍ አይናገርም።

አብዛኛው ተማሪ የሚቆመው እዚህ ነው

አንቀጽ 4ን ያገኘ ተማሪ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ባሕር ዛፍ የተከለው ፈጥኖ ስለሚያድግና ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቈጠቍጥ ነው።» ሁለት ምክንያት የጻፈ ይመስለዋል። መምህሩ ግን አንድ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ልክም ነው።

ልዩነቱን አስተውሉ። ፈጥኖ ማደጉና መልሶ ማቈጥቈጡ ሁለቱም የዛፉ ጠባይ ናቸው። ከአንድ ቦታ ተነሥተው አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳሉ፦ «ከሌላው ዛፍ ይልቅ ይህ ዛፍ ለምን ተመረጠ?» የሚለውን። ሦስተኛውን፣ ከብት አይበላውም የሚለውን ብትጨምሩም መልሱ አይሞላም፤ ያው አንዱ ወገን ይረዝማል እንጂ። መልሱ ሁለት ነው የሚባለው ሁለት ነገር ስለተዘረዘረ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ጥያቄ ስለተመለሰ ነው።

መልሳችሁ መጉደሉን ለማወቅ የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው፤ ተማሪ ሁሉ እጁ ላይ ቢይዘው የምመኘውም ይህንኑ ነው። ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንድ ግትር ሰው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጧል ብላችሁ አስቡና «ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቃችሁ። «ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል» ስትሉት «ቢያድግስ? ጽዱና ወይራው ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ማን ጓሮውን ለመጤ ዛፍ ይሰጥ ነበር?» ይላችኋል። መልስ የላችሁም። እንግዲያው ምንባቡ ውስጥ ያላነሣችሁት ነገር አለ ማለት ነው።

ነገሩን ገልብጡትና ከሌላው ወገን ብትጀምሩም ያው ይሆናል። «እንጨት ስላለቀ ተከለ» ብትሉ ግትሩ ሰው «ቢያልቅስ? የለመደውን ጽድና ወይራ መልሶ ለምን አልተከለም?» ይላል። መልሱ ያለው አንቀጽ 4 ውስጥ ነው፤ የተፈለገው ፈጥኖ የሚደርስና ተቆርጦ የሚመለስ ነበር። ሁለቱ ምክንያቶች አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚሞላ ታያላችሁ። አንዱ ችግሩን ይነግራል፤ ሌላው ይህ ዛፍ ለዚያ ችግር ለምን እንደሚበቃ ይነግራል። ጥያቄው ሁለት ነጥብ የተሰጠውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ቦታ ስትፈልጉ ስሙን አትከተሉ

አሁን ሁለተኛውን ቦታ እንፈልግ። የተለመደው ስሕተት ከጥያቄው ላይ «ባሕር ዛፍ» የሚለውን ቃል ይዞ ምንባቡን በዓይን መቃኘት ነው። በዚህ ምንባብ ውስጥ «ባሕር ዛፍ» የሚለው ቃል ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንቀጽ 5 ላይ፣ ውጤቱ በተነገረበት ቦታ። አንቀጽ 4 ላይ ስሙ «የዛፍ ዘር» እና «መጤው ተክል» ነው። አንቀጽ 1 ላይ ጨርሶ የለም። ሆኖም ሁለተኛው ምክንያት ያለው እዚያ ነው።

ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ነገሩን ተከተሉ። ባሕር ዛፍ ለምን ይፈለጋል? ለማገር፣ ለምሰሶ፣ ለማገዶ። አሁን እነዚህን ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ። «እንጨት»፣ «ማገዶ»፣ «ጽድና ወይራ» የሚሉት ሁሉም አንቀጽ 1 ውስጥ ተደርድረው ይጠብቋችኋል። አንቀጹ የሚለው ሰው በዛ፣ ቤቱም ምግቡም እንጨት ፈለገ፣ የነበረው ዛፍ ተመነጠረ ነው። ሁለተኛው ባዶ ቦታ ተሞላ።

በወረቀት ላይ ይህን ለመሥራት ከጥያቄው ጎን ሦስት ወይም አራት ቃል መጻፍ ይበቃል፤ የተጠየቀው ነገር በምንባቡ ውስጥ ሊጠራባቸው የሚችሉ ስሞችና አብረውት የሚሄዱ ነገሮች። ልምድ ሲኖራችሁ ሳትጽፉት በሐሳባችሁ ይመጣላችኋል። ተውላጠ ስሞችንም አትዝለሉ፤ «እርሱ»፣ «ይኸው»፣ «ይህ ሁኔታ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ከኋላቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ምን እንደሚያመለክቱ ካልጠየቃችሁ ግን አልፋችኋቸው ትሄዳላችሁ።

ያገኛችሁትን ሁለት ነገር ፈትኑ

ሁለት ቦታ ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ያገኛችሁት ምክንያት መሆን አለበት። ሦስት ነገር ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ምክንያት ከውጤቱ ቀድሞ የነበረ መሆን አለበት። አንቀጽ 5 መጨረሻ ላይ ዛፉ የአፈሩን ውሃ ይጠጣል የሚል አለ። ስለ ባሕር ዛፍ በቀጥታ የሚናገር ስለሆነና ውጤቱ ከተጻፈበት ቦታ ጥግ ስላለ ብዙ ተማሪ ይዘግነዋል። ነገር ግን «ዛሬ» ይላል፤ የያኔው ነዋሪ ዛሬ በሚባል ትችት ተነሣሥቶ ዛፍ ሊተክል አይችልም። ደግሞም ትችት ነው፤ ለመትከል ሳይሆን ላለመትከል ምክንያት የሚሆን። በሌላ በኩል የምንባቡ ቅደም ተከተል የዘመን ቅደም ተከተል ነው ብላችሁም አትሳሳቱ። አንቀጽ 4 ከአንቀጽ 2 በኋላ ቢመጣም የሚተርከው ቀድሞ የሆነውን ነው፤ «ቀደም ብሎ» የሚለው ቃል የተቀመጠው ለዚህ ነው። «ቀደም ብሎ»፣ «ከዚያ በፊት»፣ «አስቀድሞ» በሚሉት ሁሉ ላይ አክብቡ።

ሁለተኛው ምንጩ ነው። ባሕር ዛፍ ለጉንፋን እንደሚታጠንበት ሁላችንም እናውቃለን። እውነት ነው፤ ምንባቡ ውስጥ ግን የለም። «በምንባቡ መሠረት» የሚል ጥያቄ ከቤት ይዛችሁ የመጣችሁትን ዕውቀት አይቆጥርላችሁም። የምትጽፉትን እያንዳንዱን ምክንያት በጣታችሁ መንካት መቻል አለባችሁ።

ሦስተኛው ግንኙነቱ ነው። ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር በ«ስለ» አጋጥማችሁ ድምፃችሁን ሳታሰሙ አንብቡት። «እንጨት ስላለቀ ባሕር ዛፍ ተከለ» ይሄዳል። «የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ጽሕፈት ቤት ስላቆሙ ባሕር ዛፍ ተከለ» አይሄድም፤ ጆሮ ወዲያው ይመልሰዋል።

አሁን አጋጥማችሁ ጻፉ

ሁለቱ ምክንያቶች ተለያይተው ከተጻፉ አንባቢው ራሱ ማገናኘት ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ የእናንተ ሥራ ነበር። በጥያቄ ሀ ላይ አንዱ ችግር ሌላው መፍትሔ ስለሆነ አጻጻፉ ያንን ቅደም ተከተል ቢከተል መልካም ነው፦

«የሕዝቡ ቁጥር በመጨመሩ በአካባቢው የነበረው ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆርጦ አልቆ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ፈጥኖ የሚያድግና ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቈጠቍጥ በመሆኑ ይህን እጥረት ለማቃለል ስለሚመች ነዋሪው ተከለው።»

ይህ መልስ ሁለት ነጥብ ያገኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከአንቀጽ 1 እና ከአንቀጽ 4 ወስዷል፤ «ይህን እጥረት» የሚለው ቃል ሁለቱን ያያይዛቸዋል። «ከብት አይበላውም» የሚለውን ትቼዋለሁ፤ ቢጨመር አይጎዳም፣ ግን ነጥብ አይጨምርም፤ በፈተና ሰዓት ደግሞ ጊዜ ዋጋ አለው።

ዓረፍተ ነገሩን ከምንባቡ እንዳለ መገልበጥ አንድ የታወቀ ጉዳት አለው። «መጤው ተክል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገርና ለምሰሶ የሚበቃ ቁመት አወጣ» ብላችሁ ብትገለብጡ «መጤው ተክል» ማን እንደሆነ መልሳችሁ ውስጥ አልተነገረም። ምንባቡ ውስጥ ያለ ዓረፍተ ነገር ከጎረቤቱ ጋር ታስሮ የሚኖር ነው፤ ነጥላችሁ ስታወጡት የሚያመለክተው ነገር ይጠፋበታል። ከዚህም ሌላ የተገለበጠው «አወጣ» ብሎ ያበቃል፤ «ስለ» ወይም «በመሆኑ» ስለሌለው የሆነውን ይተርካል እንጂ ለምን እንደሆነ አይመልስም። ቢያንስ ስሙን በትክክለኛው ስም ተኩት፣ ግሡንም ወደ ምክንያት ቅርጽ ለውጡት።

ጥያቄ ለ፦ ምክንያቶቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ

ሁለተኛው ጥያቄ «ሳትሆን የቀረችው» ይላል። አንድ ነገር ለምን እንዳልሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ ስታገኙ ምንባቡ ውስጥ «ግን»፣ «ነገር ግን»፣ «ይሁን እንጂ» የሚሉትን ፈልጉ። ይሆናል ተብሎ የታሰበውን ነገር የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ይመጣል። እዚህ አንቀጽ 3 «አዲስ አበባ ላይ ግን» ብሎ ይጀምራል። ወዲያው ከላይ አዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት መሥራት እንደተጀመረ ተነግሯል፤ «ግን» የሚለው ቃል መዛወሩን የሚይዝ ነገር መኖሩን ያስታውቃል። ያም መኳንንቱ፣ መልእክተኞቹና ነጋዴው ቤትና ሱቅ ሠርተው መቀመጣቸው ነው።

ግትሩን ሰው እዚህም ጥሩት። «ቤት ቢሠሩስ? እንጨት ከሌለ ምን አንድደው ይኖራሉ?» አዎ፣ ልክ ነው። አንቀጽ 2 መናገሻ የሚዛወረው እንጨት ሲያልቅ እንደሆነ ነግሮናል፤ አንቀጽ 5 ደግሞ ነዋሪው በየጓሮው ባሕር ዛፍ እንደተከለ ይነግረናል። ስለዚህ ሁለተኛው ምክንያት ለመዛወር የሚገፋው ችግር መቃለሉ ነው።

«ለመልቀቅ ከባድ ነበር» የሚል ቃል ምንባቡ ውስጥ የለም፤ «ችግሩ ተቃለለ» የሚልም የለም። እነዚህን እናንተ ታወጧቸዋላችሁ፤ ይህም የተፈቀደ ነው፤ ምክንያቱም ከተጻፈው አንድ እርምጃ ብቻ ነው የራቁት። ሁለት እርምጃ ስትርቁ ነው አደጋው። «የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ምኒልክን ከተማውን እንዳይለቁ ለመኗቸው» ብትሉ ምንባቡ ያልተናገረውን ሰው እያናገራችሁ ነው።

መልሱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «በአንድ በኩል መኳንንቱ፣ የውጭ መልእክተኞችና ነጋዴዎች አዲስ አበባ ላይ ቤትና ሱቅ ሠርተው ስለነበር ከተማዋን መልቀቅ ከባድ ነበር፤ በሌላ በኩል ባሕር ዛፍ በመተከሉ ለመዛወር ምክንያት የሆነው የእንጨት እጥረት ተቃለለ።»

ከጥያቄ ሀ ጋር አነጻጽሩት። እዚያ አንዱ ምክንያት ያለ ሌላው ትርጉም አልነበረውም፤ ችግርና መፍትሔ ናቸውና። እዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ወደ አንድ ውጤት ይገፋሉ፤ ስለዚህ «በአንድ በኩል… በሌላ በኩል» ወይም «ከዚህም በተጨማሪ» ይስማማቸዋል። ጥያቄ ሀ ላይ «በተጨማሪ» ብትሉ መምህሩ ግንኙነቱ እንዳልገባችሁ ያያል። የማያያዣውን ቃል ምርጫ ተራ የሰዋስው ጉዳይ አድርጋችሁ አትመልከቱት፤ ምንባቡ የገባችሁ መሆን አለመሆኑ የሚታየው እዚያ ነው።

ጥያቄው ምርጫ ሲሆን

በብሔራዊ ፈተና ላይ የምትጽፉት ነገር የለም፤ ፊደል ትመርጣላችሁ። ያኔ ግማሽ መልስ ከሙሉው ጎን ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ጥያቄ ሀ በምርጫ ቢቀርብ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ሀ. በአካባቢው የነበረው ዛፍ በመመንጠሩ
ለ. ፈጥኖ የሚያድግና መልሶ የሚያቈጠቍጥ በመሆኑ
ሐ. የእንጨት እጥረት በመኖሩና ዛፉ ፈጥኖ የሚደርስ በመሆኑ
መ. የአፈሩን ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣ

«ሀ» እውነት ነው፤ «ለ»ም እውነት ነው። ምንባቡ ላይ እንዳለ አንብቦ «ሀ» ላይ ያከበበ ተማሪ ስሕተቱ አይታየውም። ስለዚህ ምርጫውን ከማየታችሁ በፊት መልሱን በራሳችሁ ቃል ሐሳባችሁ ውስጥ አዘጋጁ፤ ሁለት ባዶ ቦታ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሞልታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ምርጫውን ተመልከቱ። እውነት የሆነ ምርጫ ስታገኙም ወዲያው አትቁሙ፤ እርሱን በውስጡ የያዘና ከእርሱ የሚሰፋ ሌላ እውነተኛ ምርጫ አለ ወይ ብላችሁ እስከ «መ» አንብቡ። የሰፋው ምርጫ የተጨመረበት ክፍል ሐሰት ከሆነ ግን ጠባቡን ያዙ፤ «የእንጨት እጥረት በመኖሩና ከብት ቅጠሉን ስለሚወደው» የሚል ቢኖር ግማሹ ልክ መሆኑ አያድነውም።

ሁሉም «ለምን» ሁለት ቦታ አይፈልግም

ይህን ዘዴ የለመደ ተማሪ አንዳንዴ በተቃራኒው ይሳሳታል፤ ሁለተኛ ቦታ በሌለበት ይፈልጋል፣ ሲያጣም የማይመለከት ነገር ይለጥፋል። በዚያው ምንባብ ላይ «ማገዶ ለቃሚዎች ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ሲመሽ መመለስ የጀመሩት ለምንድን ነው?» ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሱ አንቀጽ 1 ውስጥ አልቋል፤ በአቅራቢያው የነበረው ዛፍ ተመንጥሮ ነበር። ምንባቡም ራሱ «ስለዚህ» ብሎ አያይዞላችኋል። ግትሩን ሰው አምጡት፤ «ቢመነጠርስ?» ይላል። «እንጨቱን ሩቅ ሄደው ማምጣት ነበረባቸው» ትሉታላችሁ፤ ሌላ ጥያቄ አይኖረውም። ጥያቄው አንድ ነጥብ ብቻ የያዘ ከሆነም ይህንኑ ያረጋግጥላችኋል። ሁለተኛውን ባዶ ቦታ ሰርዙና ወደሚቀጥለው እለፉ።